ቬነሴ ትቸኩላለች፣ ማርሴ በጎን ይሄዳል

ዛሬ ማታ ስወለድ ፕላኔቶቹ የት እንደነበሩ የሚያሳየውን የልደት ሰንጠረዤን እንደገና ዘርግቼ ቁጭ አልኩ። ቬነሴ ሐመል ላይ 14ኛው ዲግሪ ነች። ማርሴ ሸርጣን ላይ 16ኛው። ሸርጣን ከሐመል ሦስተኛው ኮከብ ነው፣ እያንዳንዱ ኮከብም 30 ዲግሪ ስለሆነ በመካከላቸው 92 ዲግሪ አለ። ወደ 90 የተጠጋ ርቀት ስኩዌር ይባላል፤ ሁለቱ እርስ በርስ ይጋፋሉ ማለት ነው።

ለዓመታት የማነበው የፀሐይ ኮከቤን ብቻ ነበር። ፀሐዬ ሰውር ስለሆነች "የተረጋጋሽ ነሽ" ይሉኛል። ስወድ ግን እንደዚያ አይደለሁም። ቬነስ ከፀሐይ ከ48 ዲግሪ በላይ ስለማትርቅ ከእኔ ፀሐይ አንድ ኮከብ ብቻ ነው ወዲያ ያለችው። ማርስ ግን እንዲህ አይታሰርም፤ የትም ሊገኝ ይችላል።

ቬነስ የሚማርከኝን ትነግረኛለች። ማርስ ደግሞ ወደዚያ የምሄድበትን መንገድ፣ ስናደድም የምሆነውን።

አንድ ጊዜ ስብሰባ ላይ ሁሉም ዝም ሲል አንድ ሰው ተነስቶ "እኔ አልስማማም" አለ። ልቤ እዚያው ሄደ። የሐመል ቬነስ እንዲህ ናት፤ ድፍረት ስታይ ትቀጣጠላለች፣ ማሰቢያ ጊዜ አትሰጥም። ታዲያ ምን አደረግኩ? እናቱ ታማ ነበርና በየሁለት ቀኑ ስለ እሷ እጠይቀው ጀመር። ሲፈልገው የነበረውን መጽሐፍ ከየትም ብዬ አገኘሁለት። "ወድጄሃለሁ" የሚለው ቃል ግን ከአፌ አልወጣም። ማርስ ሸርጣን ላይ ሲሆን በእንክብካቤ ዞሮ ነው የሚቀርበው፤ ፊት ለፊት ከሄደ የሚጎዳ ይመስለዋል።

ከሁለት ወር በኋላ "አንቺ እኮ እንደ እህቴ ነሽ" አለኝ። ሳምንት ሙሉ ስልኩን አላነሳሁም። "ምን አጠፋሁ?" ብሎ ሲጽፍልኝ "ምንም" አልኩት። ይህም ያው ማርስ ነው፤ ሲከፋው ዛጎሉ ውስጥ ይገባል።

የድሮዎቹ ኮከብ ቆጣሪዎች በሴት ሰንጠረዥ ማርስ የምትመኘውን ወንድ ያሳያል ይላሉ። እኔ አልቀበለውም። እንደዚያ ሳነበው የራሴን ፍላጎት ለሌላ ሰው አስረክቤ እጄን አጣጥፌ እጠብቃለሁ።

ሰንጠረዡ ላይ ብቻ ግን አልተማመንም። ቬነስ በቀን አንድ ዲግሪ ያህል ትጓዛለች፤ በተወለድንበት ቀን ኮከብ ከቀየረች ሰዓቱን ሳያውቁ መናገር አይቻልም። ስለዚህ ደብተሬ ላይ በአንድ በኩል ያለፉት ሰዎች በምን እንደማረኩኝ፣ በሌላው በኩል በመጀመሪያው ሳምንት ምን እንዳደረግኩ ጻፍኩ። አራት ሰዎች ነበሩ። በአንደኛው በኩል አራቱም ደፋሮች ናቸው። በሌላው በኩል አንዱንም በግልጽ አልጠየቅኩም።

አሁን ሌላ ሰው አለ። ትናንት ስለ ጉንፋኑ ሦስቴ እንደጠየቅኩት አሁን ገና አስተዋልኩ። ነገ ደውዬ "ላገኝህ እፈልጋለሁ፣ ስለወደድኩህ ነው" እለዋለሁ።