የኋላ ማጣቀሻን በውስን ማሽን ለመሥራት ስሞክር የተረዳሁት

ጽሑፍን በፓተርን መፈለጊያ የሆነውን ሬጌክስን ለዓመታት ስጠቀምበት ብቆይም፣ የአቅሙ ወሰን የት ላይ እንደሆነ በትክክል የገባኝ የራሴን አነስተኛ ኤንጂን ለመጻፍ በተነሣሁ ጊዜ ነው። የተከተልኩት ኬን ቶምፕሰን በ1968 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን መንገድ ነበር። በዚህ መንገድ ፓተርኑ መጀመሪያ የሁኔታዎቹ ቁጥር ውስን ወደሆነ ማሽን ይለወጣል፤ ከዚያም ጽሑፉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜ ብቻ ይነበባል። አማራጭን፣ ድግግሞሽንና ቅንፍን ያለ ብዙ ችግር ጨረስኩ። የቀረኝ ቅንፉ የያዘውን ጽሑፍ መልሶ የሚጠራው የኋላ ማጣቀሻ `\1` ብቻ ስለነበር የአንድ ምሽት ሥራ መስሎኝ ነበር። ለሙከራ የመረጥኩት ፓተርን ይህ ነው፦

```
^([ab]+)c\1$
```

ይህ ፓተርን ከ`c` በፊት የመጣው ቃል ከ`c` በኋላ ሳይለወጥ እንዲደገም ይጠይቃል። ስለዚህ `abbcabb` መቀበል፣ `abbcaba` ደግሞ መውደቅ አለበት።

በመጀመሪያው ሙከራዬ የቅንፉን ማሽን ገልብጬ በ`\1` ቦታ አስገባሁት። ትክክለኛዎቹ ጽሑፎች በሙሉ ስላለፉ ሥራው ያለቀ መሰለኝ፤ መውደቅ ያለባቸውን ስሞክር ግን `abbcaba` ሰተት ብሎ አለፈ። የገለበጥኩት ፓተርኑን እንጂ ፓተርኑ የያዘውን ጽሑፍ ስላልነበረ፣ የሠራሁት በተግባር `^([ab]+)c([ab]+)$` ነበር። ከዚያ ወዲህ የኋላ ማጣቀሻን የምፈትነው በቅድሚያ መውደቅ በሚገባቸው ጽሑፎች ነው፤ ይህን የመሰለው ስህተት የሚጋለጠው እዚያ ነውና።

ቀጥሎ ከ`c` በፊት ለሚመጣ ለእያንዳንዱ ቃል የራሱን ሁኔታ ሰጠሁት። የቃሉን ርዝመት በ3 ስገድበው 14 ሁኔታዎች በቁኝ። በ10 ስገድበው 2,046 ሆኑ፤ በ20 ስገድበው ደግሞ ከሁለት ሚሊዮን አለፉ። የተሻለ ብልሃት ይኖራል ብዬ ብዙ ደከምኩ። ድካሜን ያስቆመኝ ዛሬም ደጋግሜ የማስበው አጭር ማስረጃ ነው።

ማሽኑ `ab`ን ካነበበ በኋላ የደረሰበት ሁኔታና `ba`ን ካነበበ በኋላ የደረሰበት ሁኔታ አንድ ናቸው እንበል። ማሽኑ ከሁኔታው ሌላ ማስታወሻ ስለሌለው፣ የትኛውን ቃል እንዳነበበ ከዚያ በኋላ ማወቅ አይችልም። አሁን በሁለቱም ላይ `cab` እንጨምር። `abcab` መቀበል ያለበት፣ `bacab` ደግሞ መውደቅ ያለበት ሆኖ ሳለ ማሽኑ ለሁለቱም አንድ ዓይነት መልስ ለመስጠት ይገደዳል። ይህ ክርክር ለማናቸውም ሁለት የተለያዩ ቃላት ስለሚሠራ እያንዳንዱ ቃል የግሉ ሁኔታ ያስፈልገዋል ማለት ነው፤ ቃላቱ ደግሞ ማለቂያ የላቸውም። ስቲፈን ክሌኒ እንዳረጋገጠው፣ በንድፈ ሐሳብ መደበኛ የሚባሉት ቋንቋዎች፣ ማለትም የጽሑፎች ስብስቦች፣ በውስን ማሽን የሚታወቁት ብቻ ናቸው። እንግዲህ ፓተርኔ ስሙ ሬጌክስ ቢሆንም የሚገልጸው ቋንቋ መደበኛ አይደለም።

ማሽኑ ላይ ቁልል ብጨምርስ ብዬም አስቤ ነበር። ነገር ግን `abb`ን ፊደል በፊደል ቁልል ላይ አስቀምጦ መልሶ ሲያነሡት የሚወጣው `bba` ነው። ቁልል ተገልብጦ ለሚመጣ ቃል ይመቻል፤ እንዳለ ለሚደገም ቃል ግን አይበቃም። ይህ ቋንቋ ቁልል ባለው ማሽን ከሚታወቁት ከዐውድ-ነፃ ቋንቋዎችም ውጭ መሆኑ የተረጋገጠ ነው።

ሆኖም `\1` ያለበት ፓተርን ሁሉ ከመደበኛነት ይወጣል ማለት አይደለም። `([ab])c\1` የሚለው `aca|bcb` ተብሎ ሊጻፍ ስለሚችል መደበኛ ነው። ከወሰኑ ሊያሻግረው የሚችለው ቅንፉ የሚይዘው ጽሑፍ ርዝመት ገደብ የሌለው መሆኑ ነው። ወደ ፊት አይቶ የሚፈትሸው `(?=...)` እንኳ መልኩ ቢያስፈራም ብቻውን ከመደበኛ ቋንቋ አያስወጣም፤ እኔ ግን ለረጅም ጊዜ ሁለቱን በአንድ ዓይን አያቸው ነበር።

በመጨረሻ ኤንጂኔን ለሁለት ከፈልኩት። `\1` የሌለበት ፓተርን በውስን ማሽኑ ይሄዳል። ያለበት ደግሞ ቅንፉ የያዘውን ጽሑፍ መዝግቦ፣ ሳይሳካ ሲቀር ወደ ኋላ እየተመለሰ ሌላ አማራጭ በሚሞክር ሁለተኛ ክፍል ይሠራል። ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ ጊዜ ነው፤ የኋላ ማጣቀሻ ያለበትን ፓተርን ማዛመድ በጥቅሉ ኤንፒ-ከባድ ከሚባሉት ችግሮች ወገን ስለሆነ፣ ለሁሉም ፓተርን ፈጣን የሆነ ዘዴ እስካሁን አልተገኘም። `RE2` የተባለው የሬጌክስ ኤንጂን የኋላ ማጣቀሻን ጨርሶ የማይቀበለው የማዛመጃው ጊዜ ከጽሑፉ ርዝመት ጋር ተመጣጣኝ ሆኖ እንዲቀጥል ነው። የእኔው ኤንጂን ይቀበለዋል፤ ነገር ግን ከማያውቁት ሰው የመጣ ፓተርን በዚያ ሁለተኛ ክፍል እንዳይሄድ የሚከለክል አማራጭ ጨምሬበታለሁ።