የጓደኛዬን አባባሎች ለአክስቷ ሳደርስ የለመድኩት (እና ገና ያልገባኝ)

ሰሞኑን አንድ መልእክት ተሳክቶልኛል፣ ትርጉም ለምትሞክሩ ሰዎች ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው። ጓደኛዬ ቶሮንቶ ተወልዳ ያደገች ናት፣ አማርኛ ትንሽ ትንሽ ትሰማለች እንጂ ረዘም ያለ ወሬ አይገባትም፣ ፊደሉንም አትችልም። አክስቷ ደግሞ እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቴ ናቸው፣ እንጀራ ጋግረው ለሱቆች ያስረክባሉ፣ እንግሊዝኛ አይችሉም። ስለዚህ የሁለቱ ወሬ በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው፣ እሷ በቴሌግራም ትጽፍልኛለች እኔ ደግሞ በድምጽ ቀድቼ እልክላቸዋለሁ ወይ ማታ ከታክሲ ስወርድ ጎራ ብዬ አነብላቸዋለሁ።

ሰላምታው፣ ብሩ ደረሰ አልደረሰ፣ የጤና ወሬ ምናምን ብዙም አያስቸግርም፣ እሱን ልዝለለው። ችግሩ ጓደኛዬ የሞቲቬሽን ሰው ናት፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር ከጻፈች ሁለቱ አባባል ነው። እትዬም ቢሆኑ የሚመልሱት በተረትና ምሳሌ ነው። መሀል ላይ ያለሁት እኔ ነኝ።

እንግዲህ የሰሞኑ ነገር እንዲህ ነው። እትዬ እንጀራ የሚጋግሩባትን ክፍል አከራዩ ለራሴ ፈልጌዋለሁ ብሎ አስለቀቃቸው። ምጣዱ፣ ሊጡ፣ የጤፉ ማዳበሪያ ሁሉ ኮሪደር ላይ ወጣ። ጓደኛዬ ስትሰማ ረጅም መልእክት ጻፈች፣ ቃል በቃል ብታስቀምጡት ይህን ይመስላል፦ «አንድ በር ሲዘጋ ሌላ ይከፈታል። አገጭሽን ቀና አድርጊ። ሕይወት ሎሚ ከሰጠችሽ ሎሚናት ጭመቂ። ሮም በአንድ ቀን አልተገነባችም፣ አንቺ ደግሞ ሮምሽን አንዴ ገንብተሻታል።»

እስቲ ይቺን እንዳለች ላንብብላቸው ብትሉ የሚሆነውን አስቡት። በሩ በእርግጥ የተዘጋባቸው ሴትዮ ናቸው እኮ! በሩ ላይ አዲስ ቁልፍ ገብቶበታል። «አንድ በር ሲዘጋ» ስትሏቸው ስለ አከራዩ በር ነው የምታወሩ የሚመስላቸው። አባባሉ በአማርኛም የተለመደ ነው፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዳለ አሳልፈው ነበር፣ እዚህ ግን ምሳሌ የነበረው ነገር የዕለቱ ዜና ሆኖ ቁጭ አለ። ስለዚህ መጀመሪያ የማደርገው ምንድነው፣ አባባሉ የያዘውን ዕቃ ማለትም በሩን፣ ሎሚውን፣ ከተማውን እተወውና ይሄ ዓረፍተ ነገር እዚህ ቦታ ምን እየሠራ ነው እላለሁ። እያጽናና ነው? እየገፋ ነው? ወሬ እየዘጋ ነው? እየቀለደ ነው? የበሩ ነገር ማጽናናት ነው። አገጩም ማጽናናት ነው፣ እሱማ ባጭሩ «አይዞዎት» ነው፣ ሌላ ምንም አይጨመርበትም።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። እንግሊዝኛው «አንቺ»ም «እርስዎ»ም አይለይም፣ አባባሉም አብዛኛው ትዕዛዝ ነው፣ አድርጊ፣ ጭመቂ፣ ተነሺ። በአማርኛ ግን የእህት ልጅ አክስቷን እንዲህ ማዘዟ ደስ አይልም። እናትሽ ምን ብላ ነው የምትጠራቸው ብዬ ስጠይቃት «እትዬ» አለችኝ። እናትየው እትዬ ካለች ልጅቷማ አንቱ ከማለት ውጪ ምርጫ የላትም። ከዚያ በኋላ ትዕዛዙን ሁሉ ወደ ምኞት እቀይረዋለሁ፣ የኛ ሰው ትልቅ ሰው ሲያበረታ በምኞት ነው የሚያበረታው፣ «ያበርታዎት»፣ «ያጋጥምዎት»፣ «ይሙላልዎት»። ብቻ «ያጽናዎት» እንዳትሉ! እሱ የለቅሶ ቤት ነው፣ ለምጣድና ለክፍል ያጽናዎት ካላችኋቸው ማን ሞተ ብለው ይደነግጣሉ።

ለበሩ መጀመሪያ የመጣልኝ «እግዚአብሔር ሌላ በር ይክፈትልዎት» ነበር፣ ሰው ሁሉ የሚለው ነው፣ ያምራልም። ግን በሩ አሁንም አለበት፣ ደግሞ ጓደኛዬ በመልእክቷ ውስጥ እግዚአብሔርን አንድ ቦታ አላነሳችም፣ ያላለችውን በአፏ መክተት አልወድም። እና «ከዚህ የተሻለ ያጋጥምዎት» አልኩት። ምኞቱ አለ፣ ማን እንደሚያጋጥም አልተነገረም፣ እትዬ በልባቸው የሚሞሉትን ይሞሉታል።

ሎሚው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ለፈረንጁ ሎሚ መራራ ዕድል ነው፣ አባባሉን አሜሪካዊው ጸሐፊ ኤልበርት ሃባርድ በ1915 እ.ኤ.አ. ስለ አንድ አጭር ቁመት ስላለው የመድረክ ኮሜዲያን ሲጽፍ ተጠቅሞበታል፣ ዕጣ የላከችለትን ሎሚ አንስቶ የሎሚናት መሸጫ ከፈተ ዓይነት ነገር። እኛ ጋ ግን ሎሚ መከራ ሆኖ አያውቅም። በጥምቀት ጎረምሳው ለወደዳት ልጅ የሚወረውረው ሎሚ ነው። ሕይወት ሎሚ ከሰጠችሽ ስትላቸው እትዬ እሰይ ነው የሚሉት፣ በዛሬ የሎሚ ዋጋ ደግሞ ጭራሽ ሽልማት ነው። ሎሚውን የሚተካ ተረት ፈልጌ ነበር፣ ከዚያ ግን ሥራው ምን እንደሆነ ሳየው ከበሩ ጋር አንድ ነው፣ ያንኑ ማጽናናት ነው የምትደግመው። እና አወጣሁት። አዎ፣ እንዳለ ዘለልኩት። ጓደኛዬም ይህን ታውቃለች፣ ሁለት አባባል አንድ ሥራ ከሠሩ አንዱን እጥላለሁ ብያታለሁ። በእንግሊዝኛው መደርደሩ ሙቀት ይጨምራል፣ በአማርኛ ግን አባባል ሲደረደር የሰርግ ንግግር ነው የሚመስለው።

አሁን ወደ ሮም እንምጣ፣ ራሴን ያዞረኝ እሱ ነው። ለሮም መልሱ በጣም ቀላል ይመስላል አይደል፣ ማንንም ብትጠይቁ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላችኋል። ሐሳቡ ይገጥማል፣ ጊዜ ስጠው ነው ሁለቱም። ግን ሁለት ነገር አስቸገረኝ። አንደኛ፣ እንቁላሉን እኛ አብዛኛውን ጊዜ ለጀማሪ ነው የምንለው፣ ለሚማር ልጅ፣ አዲስ ሥራ ለገባ ሰው። እትዬ ስንት ዘመን የጋገሩ ሴት ናቸው፣ እንቁላል ብላችሁ ስትጀምሯቸው እንደ ለማጅ ነው የሚቆጠሩት። ሁለተኛው ይብሳል፦ ጓደኛዬ ሮምን ትታት አልሄደችም፣ መልሳ «ሮምሽን አንዴ ገንብተሻታል» አለች። ዋናው የመልእክቷ ጉልበት ያለው እዚህ ነው፣ ከባዶ ተነስተው ደንበኛ ያፈሩት እርስዎ ነዎት፣ ሁለተኛ አያቅትዎትም ማለቷ ነው። በእንቁላል ከተካሁት ያ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር የሚቆምበት መሬት ያጣል። «እንቁላልዎን አንዴ አስኬደዋል» ልበል? ሳቅ ነው።

እዚህ ነው እንግዲህ ተምሬበታለሁ የምለው። አባባልን በአባባል መተካት የሚያዋጣው ጸሐፊው አባባሉን ጥሎት ካለፈ ብቻ ነው። ተመልሶ ከመጣበት፣ ከቀለደበት ወይ ካስረዘመው መተካት የለም፣ ወይ ምስሉን ትይዛላችሁ ወይ ሁለቱን የሚያገናኘውን ግስ ትይዛላችሁ። ስለዚህ ገና ሳልጀምር መልእክቱን እስከ መጨረሻ አነብና ምስሉ ሌላ ቦታ ብቅ ብሎ እንደሆነ አያለሁ። እዚህ የሚያገናኘው ግስ «መሥራት» ነው። ሮም ትሂድ፣ መሥራት ግን ይቆይ። እንዲህ አልኩት፦ «ትልቅ ነገር ባንድ ቀን አይሠራም፣ እርስዎ ደግሞ አንዴ ሠርተው አሳይተዋል።» ተረት የለውም፣ ማንም የሚናገረው አማርኛ ነው፣ ግን የሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ምት አልጠፋም።

ሙሉው እንዲህ ወጣ፦ «አይዞዎት አክስቴ። ከዚህ የተሻለ ያጋጥምዎት። ትልቅ ነገር ባንድ ቀን አይሠራም፣ እርስዎ ደግሞ አንዴ ሠርተው አሳይተዋል።» ከመላኬ በፊት ለታናሽ እህቴ አነበብኩላትና «ልጅቷ ምን አለች?» አልኳት። «በፊት ከባዶ ጀምረውት የለ፣ አሁንም ይችላሉ ነው የምትለው» አለች። በቃ ደርሷል ማለት ነው። ይቺን ነገር ሁሌ አደርጋታለሁ፣ እንግሊዝኛውን ያላየ ሰው በራሱ አፍ መልሶ ይንገራችሁ። ስለ ምስሉ ከጠየቃችሁ፣ የቱ በር፣ የምን ከተማ ካለ፣ ምስሉ ከትርጉሙ ቀድሞ ገብቷል። «ጥሩ ነው» ብሎ ዝም ካለ ደግሞ ምንም አልገባም።

እትዬ ሲሰሙት ትንሽ ዝም አሉና የመለሱት በድምጽ ነው፦ «ግድ የለም፣ እሱ ሳይደግስ አይጣላም። ብቻ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል።» ሁለተኛውን ገባኝ፣ ክፍሉን ከለቀቁ ወዲህ የጤፍ ነጋዴው ያለባቸውን ቀሪ ብር አሁኑኑ ብሎ ይዟቸዋል። የዛፏን ምስል ለጓደኛዬ እንዳለ ሰጠኋት፣ ዛፍ ሲወድቅ ሁሉም መጥረቢያ ይዞ እንደሚመጣ ለማወቅ ሐበሻ መሆን አያስፈልግም፣ የጨመርኩት የነጋዴውን ነገር ብቻ ነው። የመጀመሪያው ግን ቃል በቃል ከሄደ «ድግስ ሳያዘጋጅ አይጣላም» ነው፣ ማን ከማን ጋ ተጣላ ትላለች። እንግሊዝኛ ላይ ደመናው ሁሉ የብር ጠርዝ አለው የሚባል አባባል አለ፣ የሚገጥም ይመስላል፣ ግን እግዜሩን ያወጣዋል። እትዬ እግዜርን ካወጣችሁባቸው እሳቸው አይደሉም። ስለዚህ «እግዚአብሔር ይሄን ያመጣብኝ የተሻለ አዘጋጅቶልኝ ነው ብለው ያምናሉ» ብዬ ጻፍኩላት፣ ሜዳውን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልተናገርኩ አያስችለኝም፣ ያ በቴሌግራም የሚዞረው የእንግሊዝኛና የአማርኛ አባባል በግራና በቀኝ የተደረደረበት ዝርዝር ለዚህ ሥራ አይረባም። የሚያጋጥሙት በርዕስ ነው እንጂ በአጠቃቀም አይደለም። ጫጩት ሳይፈለፈል አትቁጠር የሚለውን «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» አጠገብ ታገኙታላችሁ። የመጀመሪያው ገና ለሚያቅድ ሰው የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ላሟ ግን በእጁ በሌለ ነገር በሚመካ ሰው ላይ መሳለቂያ ናት። ለጓደኛ የተጻፈ ምክር ዝርዝሩን ይዛችሁ ስትተረጉሙ ስድብ ሆኖ ይደርሳል። ዩጂን ናይዳ የሚባለው የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ባለሙያ በ1964 እ.ኤ.አ. ያለው ነገር ይሻለኛል፣ የቃሉን ቅርጽ ሳይሆን ሰሚው ላይ የሚፈጥረውን ስሜት አመጣጥኑ ነው ሐሳቡ። እሱም ቢሆን ገደብ አለው፣ የሰሚውን ስሜት ብቻ ካሳደዳችሁ ጓደኛዬ ቀርታ እኔ ነኝ የምናገረው፣ አንዳንዴ እዛ ጋ እንደምደርስ አውቃለሁ።

አሁን የቆምኩበት ሌላ ነው። ትናንት ጓደኛዬ አዲስ ላከች፣ እትዬ ካፌዎችን ራሳቸው ሄደው እንዲያነጋግሩ ፈልጋ «እስክትሆኚው ድረስ አስመስዪ» የምትል ነገር አለችበት። እኛ ጋ አስመሳይ ማለት ስድብ ነው፣ ማስመሰልን የሚያመሰግን ተረት ብፈልግ አጣሁ። ለጊዜው «ፍርሃትዎን አያሳዩ፣ ሲሠሩት ይለመዳል» ላይ ነው ያለሁት ግን ቀልዷ ጠፍቷል፣ የእሷ ሳቅ ያለው እዛ ማስመሰሉ ላይ ነው። ቀልዱን ሳይገድል ያሳለፈ ሰው ካለ እስቲ ምን እንዳለ ይንገረኝ፣ ድምጹን እስከ ነገ ማታ ካልላክሁ እትዬ ቀድመው ይጠይቁኛል።