ዕዳው መቼ ተወለደ? የማኅበርን የሕግ ሰውነት ስንማር የከረምንባቸው ስድስት ሳምንታት

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የቤት ዕቃ አምራች ማኅበር የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ማታ ማታ ደግሞ ሕግ እማራለሁ። እሑድ ከሰዓት ከሦስት የክፍል ጓደኞቼ ጋር ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለን አንድ ርዕስ ይዘን እስኪገባን ድረስ እንከራከራለን። ያለፉትን ስድስት ሳምንታት የከረምነው ማኅበር ከባለቤቶቹ የተለየ የሕግ ሰው ነው በሚለው ሐሳብና ፍርድ ቤት መጋረጃውን ገልጦ ከኋላው ያለውን ሰው በሚይዝባቸው ሁኔታዎች ላይ ነው። ይህን ርዕስ ገና ለምትጀምሩት የት እንደተሳሳትኩና ምን እንዳቃናኝ ልንገራችሁ።

መነሻችን መምህራችን የሰጡን መልመጃ ነበር። አንድ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አለ፤ ባል 95 በመቶ፣ ሚስት 5 በመቶ ድርሻ አላቸው። ካፒታሉ 200 ሺህ ብር ነው። ማኅበሩ ከአንድ ነጋዴ የ680 ሺህ ብር ጣውላ በዱቤ ወስዶ መክፈል አቃተው። ባንክ ያለው ገንዘብ አልቋል፤ ባልየው ግን በስሙ ቤት አለው። ነጋዴው ቤቱን በሐራጅ ማሸጥ ይችላል?

እኔ ሳላመነታ “ይችላል” ብዬ ጻፍኩ። 95 በመቶው የእሱ ከሆነ፣ የሚያዘውም የሚፈርመውም እሱ ከሆነ፣ ማኅበሩ ማለት እሱ ነው ብዬ ነበር። ይህን ሐሳቤን የናደው እ.ኤ.አ. በ1896 የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት የወሰነው የሰሎሞን ጉዳይ ነው። አሮን ሰሎሞን ለንደን ውስጥ ጫማ አምራች ነበር። ሥራውን ኩባንያ አድርጎ አቋቋመና ከ20,007 አክሲዮኖች 20,001ዱን ራሱ ያዘ፤ ሚስቱ፣ ሴት ልጁና አራት ወንዶች ልጆቹ አንዳንድ ደረሳቸው። ሥራውን ለኩባንያው ከሸጠበት ዋጋ 10 ሺህ ፓውንድ የሚሆነውን ደግሞ በኩባንያው ንብረት ዋስትና እንደተሰጠው ብድር አስመዘገበ። ኩባንያው ብዙም ሳይቆይ ከሰረ፤ ዋስትና የሌላቸው ገንዘብ ጠያቂዎች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። የሥር ፍርድ ቤቶች ኩባንያው የሰሎሞን ወኪል ነው፣ መጠቀሚያው ነው እያሉ ሰውየውን ተጠያቂ አደረጉት። የጌቶች ምክር ቤት ግን ሻረው። ሕጉ የጠየቀው ሰባት አባላት እንዲኖሩ ነው፤ አባላቱ ከመሥራቹ ነጻ ይሁኑ፣ ብዙ ድርሻ ይኑራቸው ብሎ የጻፈው የለም። ኩባንያው በሕግ ከተቋቋመ በኋላ ዕዳው የራሱ ነው።

እኔን ያስደነቀኝ ውሳኔው አይደለም፤ ምክንያቱ ነው። የድርሻ ብዛት ጥያቄው ውስጥ ጭራሽ አልገባም። ስለዚህ የኔ “95 በመቶ” መልስ አልነበረም። እኛም አገር በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 የወጣው የንግድ ሕግ ባለአንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሲፈቅድ በዚሁ መንገድ ሄዷል፤ መቶ በመቶ የአንድ ሰው የሆነ ማኅበርም የራሱ ሰው ነው።

በሁለተኛው ሳምንት አንዷ ጓደኛችን እኔ የደባለቅኩትን ነገር ለየችው። የሕግ ሰውነትና የተወሰነ ኃላፊነት አንድ አይደሉም። የኅብረት ሽርክና ማኅበር በሕጋችን የሕግ ሰውነት አለው፤ በስሙ ይከሳል፣ ይከሰሳል፣ ንብረት ይይዛል። ሆኖም ሸሪኮቹ ለማኅበሩ ዕዳ በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ናቸው። እንግዲህ ባልየውን ከነጋዴው የጠበቀው ማኅበሩ “ሰው” መሆኑ ብቻ ሳይሆን የመረጠው የማኅበር ዓይነት ነው። ይህን ሳይለዩ ስለ መጋረጃ ማውራት ዋጋ የለውም፤ ሸሪኮቹን ለመያዝ መጋረጃ መግለጥ አያስፈልግምና።

መለያየቱ ባለቤቱንም ሊጎዳው እንደሚችል ያስተማረኝ የማኮራ ጉዳይ ነው። ሰውየው በርስቱ ላይ የነበረውን ጣውላ እሱ ራሱ ለያዘው ኩባንያ ሸጠ፤ የእሳት መድኑን ግን በራሱ ስም ገዛ። ጣውላው ተቃጠለ። እ.ኤ.አ. በ1925 የጌቶች ምክር ቤት መድን ሰጪው አይከፍልም አለ፤ ጣውላው የኩባንያው ነው፣ ባለአክሲዮን በኩባንያ ንብረት ላይ መድን የሚገባበት ጥቅም የለውም። ሰኞ ጠዋት ቢሮ እንደገባሁ የፒክአፓችንን ሊብሬ ከመድን ውሉ ጎን አስቀመጥኩ። ሊብሬው በማኅበሩ ስም፣ የመድን ውሉ በባለቤታችን በጋሼ ስም ነበር። መድን ድርጅቱ አደጋ ቢደርስ ይከፍል ነበር አይከፍልም ነበር ብዬ አልተከራከርኩም፤ ውሉን በዚያው ሳምንት አስለወጥን።

አሁን ወደ መጋረጃው። ብዙ ያነበብናቸው ማብራሪያዎች “ማጭበርበር ሲኖር፣ ማኅበሩ የይስሙላ ሲሆን፣ ፍትሕ ሲጠይቅ” እያሉ ይደረድራሉ። ዝርዝሩን ሸምድጄ መልመጃው ላይ ላውለው ስል አልሠራልኝም፤ ዕዳውን ያልከፈለ ማኅበር ሁሉ ለነጋዴው ፍትሕ አጓድሏል ማለት ይቻላልና። መንገዱን ያሳየን የሊፕማን ጉዳይ ነው። ሰውየው ቤቱን በ5,250 ፓውንድ ለመሸጥ ውል ፈረመ። ከዚያ ሐሳቡን ለወጠ፤ በእጁ ወዳደረገው ኩባንያ ስም ቤቱን አዛወረና “ቤቱ የኔ አይደለም፣ የኩባንያው ነው” አለ። እ.ኤ.አ. በ1962 ፍርድ ቤቱ ኩባንያው ፊቱን የሸፈነበት ጭምብል ነው ብሎ ሰውየውም ኩባንያውም ቤቱን ለገዢው እንዲያስረክቡ አዘዘ።

ሰሎሞንና ሊፕማንን ጎን ለጎን አድርገን እሑድ ሙሉ ተከራከርን። ሁለቱም ኩባንያውን የተጠቀሙት ራሳቸውን ለመጠበቅ ነው። ልዩነቱ ጊዜው ላይ ነው። የሊፕማን ግዴታ ኩባንያው ከመግባቱ በፊት በራሱ ትከሻ ላይ ነበረ፤ ኩባንያው የመጣው ያንን ግዴታ ለማምለጥ ነው። የሰሎሞን ዕዳ ግን ከመጀመሪያው የተወለደው ኩባንያው ላይ ነው፤ ሰሎሞን ያመለጠው የራሱ ግዴታ አልነበረም። ሥራዬን ማኅበር አድርጌ ወደፊት የሚመጣው ኪሳራ ማኅበሩ ላይ እንዲወድቅ ማድረግ ማምለጥ አይደለም፤ ሕጉ ማኅበርን የፈቀደው ለዚሁ ነው።

በዚህ መነጽር መልመጃውን ስናየው ጠራልን። ነጋዴው ጣውላውን የሸጠው ለማኅበሩ ነው፤ ደረሰኙም የርክክብ ሰነዱም በማኅበሩ ስም ነው። ዕዳው ማኅበሩ ላይ ተወልዶ እዚያው አለ። ቤቱ አይነካም። መምህራችን ግን ሁለተኛ ክፍል ጨመሩበት፦ ክሱ ከተመሠረተ በኋላ ባልና ሚስቱ ሌላ ማኅበር አቋቁመው መጋዙንና መላጊያውን እዚህ ግባ በማይባል ዋጋ ወደዚያ አዛወሩ። እኔ ወዲያው “መጋረጃው ይገለጥ” አልኩ። ጓደኛዬ ግን የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 የወሰነውን የፕሬስት ጉዳይ አመጣችልኝ። የፍቺ ክርክር ነው፤ ሚስት በባሏ ኩባንያዎች ስም ያሉ ቤቶችን ጠየቀች። ፍርድ ቤቱ መጋረጃውን አልገለጠም፤ ቤቶቹ በስም እንጂ በእውነት የባልየው መሆናቸውን በማስረጃ አይቶ በዚያ በኩል እንዲተላለፉላት አደረገ። መጋረጃ መግለጥ ሌላ ሕጋዊ መንገድ ሲጠፋ የሚመጣ የመጨረሻ መሣሪያ ነው የሚለው አቋም ከዚያ ውሳኔ ይነበባል። የእንግሊዝ ውሳኔ እኛን አያስገድድም፤ ለማሰብ ግን ይረዳል። መልመጃችን ውስጥም ሌላ መንገድ አለ፦ ባለዕዳው ገንዘብ ጠያቂውን ለመጉዳት ያደረገውን ውል ገንዘብ ጠያቂው ራሱ እንዲቃወም የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ይፈቅድለታል። ማሽኖቹ ወደ መጀመሪያው ማኅበር ከተመለሱ ነጋዴው ፍርዱን በእነሱ ላይ ማስፈጸም ይችላል፤ የማንም ቤት ሳይነሳ።

ከተማችን ውስጥ “ማኅበሩ ከስሮ ቤቱ ተሸጠበት” ሲባል የምንሰማው አብዛኛው ታሪክም ከመጋረጃ ጋር የሚያያዝ አይመስለኝም። ሰውየው ለባንክ ብድር ቤቱን አስይዟል፣ ወይም በግሉ ዋስ ሆኖ ፈርሟል። ያኔ የሚጠየቀው በራሱ ፊርማ ነው። ነጋዴው ከርክክብ ሰነዱ ግርጌ “ማኅበሩ ባይከፍል እኔ በግሌ እከፍላለሁ” የሚል የባልየው ፊርማ ቢኖረውስ? የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1922 ዋስትና በግልጽ መሰጠት እንዳለበት፣ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው ገንዘብ ካልተወሰነም ዋስትናው እንደማይጸና ይደነግጋል። እንግዲያው “በግሌ እከፍላለሁ” ብቻ ከሆነ ነጋዴው ይቸገራል፤ “እስከ 680,000 ብር” የሚል ቢጨመርበት ነገሩ ይለወጣል። አንድ መስመር ላይ ያለ ቁጥር ስድስት ሳምንት ከተከራከርንበት ንድፈ ሐሳብ በላይ ገንዘብ ያስመልሳል።

በተገላቢጦሽም ይሠራል። ባልየው በግሉ ባለበት ዕዳ የማኅበሩ መኪና ቢታገድ፣ ማኅበሩ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 418 መቃወሚያ ሊያቀርብ ይችላል፤ መኪናው በታገደበት ዕለት የራሱ እንደነበር ግን ማሳየት አለበት። ሊብሬው በማኅበሩ ስም፣ ግዢው ግን ከባልየው የግል ሒሳብ የተከፈለ ከሆነ ክርክሩ እዚያ ላይ ይነሳል።

ለእኔ ሥራ በጣም የቀረበውን በመጨረሻ ያነበብኩት መሆኑ ይቆጨኛል። ሕጋችን ባለአንድ አባል ማኅበርን ሲፈቅድ፣ አባሉ የራሱን ንብረት ከማኅበሩ ጋር ሲቀላቅል በግሉ ተጠያቂ የሚሆንበትን ድንጋጌ አብሮ አስገብቷል። ንብረት መቀላቀል ደግሞ በአንድ ትልቅ ዘረፋ አይጀምርም። የእኔው መዝገብ ላይ ነው ያየሁት፦ የጋሼ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰኝ፣ 18,500 ብር፣ በማኅበሩ ሒሳብ ተከፍሎ “ልዩ ልዩ ወጪ” ውስጥ ገብቷል። የመዘገብኩት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ወደኋላ ስሄድ የቤት ኪራይ፣ የሠርግ ስጦታ፣ ሌሎችም አሉ። በተቃራኒው ደግሞ ሁለት ደንበኞች ቀብድ በጋሼ የግል የባንክ ሒሳብ ገቢ አድርገዋል። የእኛ ባለሁለት አባል ስለሆነ ያ ድንጋጌ በቀጥታ አይመለከተንም፤ ነገር ግን ገንዘብ ጠያቂ ጠበቃ “ማኅበሩና ሰውየው አንድ ናቸው” ሲል የሚያቀርበው ማስረጃ እንዲህ ያለ መዝገብ ነው።

“ጋሼ፣ ይሄ ገንዘብ ወይ ደመወዝዎ ይሁን፣ ወይ የትርፍ ክፍፍል ይሁን፣ ወይ ከእርስዎ የሚሰበሰብ ይሁን፤ ወጪ ግን አይደለም” አልኳቸው። ደረሰኞቹን አንድ በአንድ አገላብጠው አዩ። “ማኅበሩ የኔ አይደል እንዴ ልጄ?” አሉ። የሰሎሞንን ታሪክ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና የትምህርት ቤቱን ደረሰኝ ለብቻው አወጡት።

አሁን መዝገቡ ላይ “ከአባላት የሚሰበሰብ” የሚል አዲስ ሒሳብ ተከፍቷል። የሁለቱ ደንበኞች ቀብድ ወደ ማኅበሩ ሒሳብ ተመልሷል፤ የጋሼን ደመወዝ የሚወስን ቃለ ጉባኤ ደግሞ ሁለቱም አባላት ፈርመውበታል። የቀሩኝ የአምናው ደረሰኞች ናቸው፤ እስካሁን 43ቱን ለይቻለሁ።