ሌሊት ባቴን ሲይዘኝ

የእርግዝናዬን ሰባተኛ ወር ከያዝኩ ወዲህ ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ ሽንት ብቻ አይደለም። ባቴም ተጨምሮበታል። አጀማመሩ ሁሌ አንድ ነው፦ በእንቅልፍ ልቤ ስንጠራራ የእግሬ ጣቶች ወደ ታች ይቀሰራሉ፣ ወዲያው ባቴ እንደ ድንጋይ ይቋጠራል። ሕመሙ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም፤ ግን ጡንቻው ከላላም በኋላ እስከ ማግስቱ የተደበደበ ያህል ያመኛል።

ክትትል የምታደርግልኝ አዋላጅ ስነግራት አልደነቃትም። ከእርግዝና አጋማሽ በኋላ ብዙ ሴቶች የሚያማርሩት ነገር ነው አለችኝ። «ምክንያቱ ምንድን ነው?» ብላት፣ «አንድ ምክንያት ነው ብሎ የቆረጠ የለም» አለች። የክብደት መጨመር እግርን ያደክማል፤ ያደገው ማህፀን ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ያዘገያል፤ ጽንሱም ካልሲየምና ማግኒዥየም ከእናቱ ይወስዳል። ሁሉም ይጠረጠራሉ፤ እርግጠኛ የሆነ ግን የለም።

እኔን ያሳመነኝ ግን የእግሩ አቀማመጥ ነው። ትልቁ የባት ጡንቻ ከጉልበት በላይ ይነሳና ተረከዝ ላይ ይያያዛል። ጣቶች ወደ ታች ሲቀሰሩ ተረከዝ ወደ ላይ ይሳባል፣ ጡንቻውም ያጥራል። እንዲህ አጥሮ ሳለ እንደገና የመኮማተር ትእዛዝ ከነርቭ ሲመጣለት ይቆለፋል። ብርድ ልብሱ በፍራሹ ሥር ተጠቅጥቆ ሲታጠፍ ደግሞ ክብደቱ ሌሊቱን ሙሉ እግርን ወደ ታች ይገፋል። አሁን ከእግሬ በኩል ልብሱን ለቀቅ አድርጌ ነው የምተኛው። ስነቃም የምንጠራራው ተረከዜን ወደፊት ገፍቼ፣ ጣቶቼን ወደ ራሴ አድርጌ ነው። በእንቅልፍ ልብ ይህን ማስታወስ ከባድ ነው፤ ነቅቼ ሳለሁ ግን ልማድ እየሆነልኝ ነው።

ከያዘኝ በኋላ ያለው መፍትሔም ከዚሁ ይመነጫል፦ ያጠረውን ጡንቻ ማስረዘም። ጉልበቴን ቀጥ አድርጌ ጣቶቼን ወደ ቅልጥሜ እስባለሁ። ጉልበት ከታጠፈ ትልቁ ጡንቻ ስለማይወጠር ጥቅሙ ይቀንሳል። ችግሩ ሆዴ ነው፤ እጄ እግሬ ጋ አይደርስም። ስለዚህ ረዘም ያለ ፎጣ አልጋው አጠገብ አኖራለሁ። በውስጥ እግሬ ላይ፣ ከጣቶቼ ትንሽ ዝቅ አድርጌ አጠላልፈውና ሁለቱን ጫፎች ቀስ ብዬ እስባለሁ። በኃይል መንጨቅ አይገባም፤ የተቋጠረ ጡንቻ ሊጎዳ ይችላል። 30 ሰከንድ ያህል ይዤ ስቆይ መላላቱ ይሰማኛል። ከዚያ ነው ማሸት የሚያስፈልገው።

ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ ከእንቅልፉ እየባነነ ቋጠሮውን በአውራ ጣቱ ይጨቁነው ነበር (አስቡት!)። አሁን አንድ እጁን ተረከዜ ሥር ያደርጋል፤ በሌላው እጁ ከጣቶቼ ሥር ያለውን የውስጥ እግሬን ክፍል ወደ ጉልበቴ አቅጣጫ ይገፋል። «ልግፋ?» ይላል፤ «ቀስ ብለህ» እለዋለሁ። ብቻዬን ስሆንና ፎጣው ከጠፋ ደግሞ አልጋውን ይዤ ቀስ ብዬ እቆምና ተረከዜን ወለሉ ላይ እጫናለሁ። ይህም ይሠራል፤ ግን ቶሎ ብድግ ማለት ያዞራል፣ በጨለማም መውደቅ አለ።

ከመተኛቴ በፊት የማደርገው መሳሳብ ግድግዳ ብቻ ነው የሚፈልገው። በክንድ ርቀት ፊት ለፊቱ እቆምና ሁለት መዳፎቼን አሳርፍበታለሁ። አንድ እግሬን ወደ ኋላ እወስዳለሁ፤ የፊተኛውን ጉልበት አጥፌ ወደ ግድግዳው አዘነብላለሁ። የኋለኛው ጉልበት ቀጥ ማለት፣ ተረከዙም ከወለሉ አለመነሳት አለበት። የእግር ጣቶቹም ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ግድግዳው ይመለከታሉ። ተረከዙ ከተነሳ ባት አይሳብም፤ ድካም ብቻ ነው ትርፉ። ባቴ ሲወጠር እንጂ ሳያመኝ 30 ሰከንድ እቆያለሁ፣ ለእያንዳንዱ እግር ሦስት ጊዜ። እ.ኤ.አ. በ2012 ኔዘርላንድስ ውስጥ የወጣ ጥናት ከመኝታ በፊት መሳሳብ የሌሊት መኮማተርን እንደቀነሰ አሳይቷል። የተጠኑት ግን ዕድሜያቸው ከ55 በላይ የሆኑ ሰዎች ናቸው። ለእርጉዝ ማስረጃው ያን ያህል ጠንካራ አይደለም። ያም ሆኖ በግድግዳ መደገፍ ምንም ስለማያስወጣና ስለማይጎዳ ከክኒን በፊት እሱን አስቀድማለሁ።

ክኒኑ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። «ማግኒዥየም ዋጪና ይተውሻል» ያለኝ አንድ ሰው አይደለም። በእርጉዞች ላይ የተደረጉት ጥናቶች ግን እርስ በርሳቸው አይስማሙም፤ አንዳንዱ ረድቷል ይላል፣ ሌላው ከባዶ ክኒን ምንም አልተሻለም ይላል። ተቅማጥና ማቅለሽለሽም ሊያመጣ ይችላል። ኩላሊቷን የሚያማት ሴት ደግሞ ያለ ሐኪም ልትነካው አይገባም። ድሮ ለዚህ ሕመም ይሰጥ የነበረውን ኩዊኒን የተባለ የወባ መድኃኒት ግን ጨርሶ አልሞክረውም፤ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል።

ምግቡን በተመለከተ ያደረግሁት ቀላል ሂሳብ ነው። ለአዋቂ እርጉዝ በቀን 1000 ሚሊግራም ካልሲየም ይመከራል። አንድ ብርጭቆ ወተት ወደ 300 ሚሊግራም ይይዛል። ጠዋት ወተት፣ ከሰዓት እርጎ፣ ማታ ደግሞ ሌላ ብርጭቆ ካገኘሁ ከሌላው ምግብ ጋር ተደምሮ ይሞላል። የማግኒዥየሙ 350 ሚሊግራም ገደማ ነው። ለዚህ የዱባ ፍሬን የሚያህል አላገኘሁም፤ የተላጠ 30 ግራም፣ ማለትም አንድ እፍኝ የማይሞላ፣ ወደ ግማሽ ያደርሳል። ቀሪውን ባቄላ፣ ቆስጣና ለውዝ ይሞሉታል። ይህ መኮማተሩን ያቆማል ብዬ አይደለም፤ ጉድለት ካለ ግን ይሸፍናል፣ ለልጁም ያስፈልጋል። አንድ ነገር ብቻ እጠነቀቃለሁ፦ የብረት ክኒኔንና ወተቱን ሁለት ሰዓት ያህል አራርቃለሁ፤ ካልሲየም ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያውካል። ውኃውን ቀን ቀን እጠጣለሁ፤ ሽንቴ ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ በቂ ነው።

ሌላም አለ። የወንድሜ ሚስት በእርግዝናዋ ጊዜ «እኔንም ያው ነው» ትለኝ ነበር፤ ስንነጋገር ግን የእሷ ሌላ ሆነ። እሷን አያማትም፤ እግሯ ውስጥ እንደ መርመስመስ ያለ ነገር ማታ ማታ ዕረፍት ይነሳታል፣ ካላንቀሳቀሰችው አይተዋትም፣ ስትራመድ ይለቃታል። ይህ መኮማተር አይደለም፣ ከብረት እጥረት ጋርም ይያያዛል። ለክትትል ስትሄድ ነገረቻቸውና ደሟን መረመሩ።

እኔ ጠዋት ጠዋት የማየው ሁለቱን ባቶቼን አስተያይቼ ነው። ከሌሊቱ የቀረው ሕመም እየቀነሰ ይሄዳል፤ ይህ አያሳስበኝም። አንደኛው ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ቀለሙ ከተለወጠ ወይም ሕመሙ ሳይለቅ ከቀጠለ ግን በደም ሥር ውስጥ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፤ እርግዝና ይህን አደጋ ይጨምራል። ያኔ ማሸት የለም፣ መሳሳብም የለም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ነው። ትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ሕመም ከተጨመረበት ደግሞ ቀን ሆነ ሌሊት ሳይባል ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ነው የምሄደው፤ ለባለቤቴም ነግሬዋለሁ።