ላልነበሩት ኃላፊዎች የሚላክ አንድ ገጽ

ስብሰባ ላይ ያልነበረ ኃላፊ ማጠቃለያ ሲደርሰው ማን ምን እንደተናገረ ለማወቅ አይቸኩልም። ከእሱ የሚጠበቅ ነገር አለ ወይስ የለም፣ ካለስ እስከ መቼ ነው፣ ይህን ነው የሚፈልገው። ቃለ ጉባዔ ሌላ ሥራ አለው፤ ይፈረምበታል፣ ፋይል ውስጥ ይገባል፣ ኦዲተር ሲመጣ ይወጣል። ትናንት ማታ የጻፍኳት አንድ ገጽ ግን በማግስቱ ጠዋት መኪና ውስጥ በስልክ የምትነበብ ናት። ምናልባትም ከላይኛው ሲሶዋ በታች አትነበብም።

የቡና ጥራት ፕሮጀክታችን ዐቢይ ኮሚቴ ጅማ ላይ ከጠዋት እስከ አመሻሽ ተሰብስቦ ነው የዋለው። ገንዘቡን የሚፈቅዱት ሁለቱ የበላይ ኃላፊዎች ግን ለሌላ ሥራ አዲስ አበባ ተጠርተው ስለነበር አልተገኙም። አጀንዳው ብዙ ነበር፤ የቀኑን ግማሽ የወሰደው ግን አንዱ ነው። አምስት የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት የእሸት ቡና መፈልፈያ ማሽኖቻቸው አርጅተዋል፣ በአዲስ እንተካላቸው ወይ የሚለው።

ነገሩን የሚያጠብቁት ሁለት ቀኖች ናቸው። ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ መብላላት ይጀምርና ጣዕሙ ይበላሻል፤ ስለዚህ ጥቅምት ላይ ለቀማው ሲጀመር ማሽኑ ተተክሎ መገኘት አለበት። የበጀት ዓመቱ ደግሞ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ውል ያልታሰረበት ገንዘብም ከእጃችን ይወጣል። በዚህ መሀል የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዋ እጇን አውጥታ ከአምስቱ ጣቢያዎች ሁለቱ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ እንደሌላቸው ተናገረች። ከቡናው ቅርፊትና ከሚያሟልጨው ልጋግ ጋር የሚወጣው ውኃ በቀጥታ ወንዝ ከገባ የወንዙን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፤ ከታች በኩል ደግሞ ከዚያው ወንዝ የሚቀዳ ሰው አለ።

ክርክሩ ረጅም ነበር። ሲያልቅ ሰብሳቢው «እንግዲህ ማሽኑን በሚመለከት ተስማምተናል፣ በዚሁ እንቀጥል» አሉ፤ ሰዉም ወደ ሻይ ተነሣ። ማጠቃለያ የሚጻፈውም የሚበላሸውም እዚች ጋ ይመስለኛል። ምን ላይ ነው የተስማማነው? ስለ አምስቱም ነው ወይስ ስለ ሦስቱ? ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? ሻዩ ሳይጠጣ ሰብሳቢው ዘንድ ቀርቤ የያዝኩትን አነበብኩላቸው፤ ከዕረፍት በኋላም እሳቸው ራሳቸው ለቤቱ አነበቡት። ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሆነው ወጡ።

አንደኛው እውነተኛ ውሳኔ ነው፤ ለሦስቱ ጣቢያዎች የማሽን ግዢ ጨረታ ይውጣ። ሁለተኛው በቅድመ ሁኔታ የተወሰነ ነው፤ የሁለቱ ጣቢያዎች ማሽን የሚገዛው ጉድጓዱ ተቆፍሮ ባለሙያዋ በጽሑፍ ካረጋገጠች በኋላ ነው። ሦስተኛው ጭራሽ ውሳኔ አይደለም። የማሽኑ ገንዘብ ስለማይበቃ ከሥልጠና ሒሳብ 2 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር ወደ ማሽን መግዣ ይዛወር የሚል የውሳኔ ሐሳብ ነው፤ ምክንያቱም ሒሳብ የማዛወር ሥልጣን የኮሚቴው ሳይሆን የእነዚያ ያልነበሩት ኃላፊዎች ነው። ሦስቱንም «የማሽን ግዢ ጸድቋል» በሚል አንድ መስመር ማለፍ ይቻል ነበር። ያን ያነበበ ኃላፊ ግን ከእሱ ምንም የሚጠበቅ አይመስለውም፤ ደብዳቤውን ሳይፈርም ሰኔ 30 ያልፋል።

ስለዚህ ገጹ እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦ «ከእርስዎ የሚጠየቀው፦ ከሥልጠና ሒሳብ ወደ ማሽን መግዣ የ2.4 ሚሊዮን ብር ዝውውር እስከ ሰኔ 10 እንዲፈቅዱልን ነው። ካልተፈቀደ የሦስቱ ጣቢያዎች ውል በዚህ በጀት ዓመት አይታሰርም፤ ገበሬዎቹ የመጪውን እሸት በአሮጌው ማሽን ይፈለፍላሉ።» ሰኔ 10ን ዝም ብዬ አላመጣኋትም። የግዢ ክፍሉ ኃላፊ አሸናፊውን አሳውቆ ውል ለመፈረም የሚያስፈልገውን ጊዜ ከሰኔ 30 ወደኋላ ቆጥሮ የሰጠኝ ቀን ነው። ከዚህ ቀጥሎ ሁለቱ ውሳኔዎች መጡ፣ እያንዳንዳቸው ከአንድ ባለቤትና ከአንድ ቀን ጋር። «የሚመለከታቸው አካላት በጋራ ያከናውናሉ» የሚል መስመር አላስገባሁም፤ እንዲህ የተጻፈ ሥራ በቀጣዩ ስብሰባ ማንም ሳይነካው እንደሚገኝ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ብዙ ያሰብኩት የተቃውሞው ነገር ላይ ነው። የሥልጠና ክፍሉ ኃላፊ ዝውውሩን እስከ መጨረሻው አልተቀበለችውም። ለቀማ ላይ የሚሠሩ ገበሬዎች ቀዩን ከአረንጓዴው ለይተው ካልለቀሙ አዲስ ማሽን ብቻውን ጥራት አያመጣም አለች፤ ልክ ነች። ረቂቁን ለሰብሳቢው ስልክላቸው ወዲያው ደወሉ።

«ልጄ፣ ይህን የተቃውሞውን ብታወጪው አይሻልም? በአንድ ድምፅ ብንቀርብ ያምራል።»

«ጋሼ፣ ነገ ከሌላ ሰው ቢሰሙትስ? ያን ጊዜ የቀረውንም ገጽ አያምኑትም።»

ትንሽ ዝም አሉና «እንግዲያው ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ያለችውን አስቀምጪ» አሉኝ። በሁለት ዓረፍተ ነገር አስቀመጥኩት፤ ምን እንደተቃወመችና ለምን እንደሆነ። ቃሏን እንዳላጠመምኩባትም መስመሩን ለራሷ ልኬ አረጋገጥኩ።

ለሌሎቹም የላክሁት እንዲሁ ነው፤ ሙሉውን ረቂቅ ሳይሆን እያንዳንዱ ስሙ ያለበትን መስመር ብቻ። ረቂቁ ለሁሉም ከተበተነ ሁሉም የየክፍሉን ሪፖርት ይጨምርበትና ሦስት ገጽ ሆኖ ይመለሳል። ሦስት ገጽ ሲሆን ደግሞ የሰኔ 10ዋ ጥያቄ መሀል ትገባና ትጠፋለች።

የቀሩት አጀንዳዎች፣ የተሽከርካሪ ጥገናው፣ የሩብ ዓመቱ አፈጻጸም፣ የጉብኝቱ ፕሮግራም፣ ከታች አንድ አንድ መስመር ደረሳቸው። የተናጋሪዎች ስም፣ የሐሳቦቹ ቅደም ተከተል፣ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግሩ ቃለ ጉባዔው ውስጥ አሉ፤ ፈልጎ ማንበብ የሚሻ ሰው እንዲያገኛቸው ከየመስመሩ ጎን የቃለ ጉባዔውን ተራ ቁጥር ጻፍኩ። ቁጥሮቹን ሁሉ ከቃለ ጉባዔው ጋር አስተያየሁ። 2.4 እዚህ 2.6 እዚያ ሆኖ ቢገኝ ፋይናንስ ደብዳቤውን ይመልሰዋል፤ ለመመላለስ የሚሆን ጊዜ ደግሞ የለንም።

ዛሬ ረፋዱ ላይ አንዱ ኃላፊ ደወሉ። የሥልጠና ክፍሏ ኃላፊ ቀድማ ደውላላቸው ነበር። «የነገረችኝና የጻፍሽው አንድ ነው» አሉና የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የለቀማ ሥልጠናው ከጥቅምት በፊት ባነሰ ገንዘብ፣ በየማኅበሩ፣ በቀበሌ ባለሙያዎች መሰጠት ይችል እንደሆነ። ከእሷ ጋር በመስመር አገናኘኋቸው። የዝውውሩን ደብዳቤ ከሰዓት በኋላ እንፈርማለን ብለዋል።