«ውድ ዩ ማይንድ» ሲባል ለምን «ኖ» ብለን እንነሣለን?

እንግሊዝኛ ለጎልማሶች ሳስተምር «ውድ ዩ ማይንድ» የሚለውን አነጋገር «እባክህ» ብዬ አልተረጉመውም። ለጥያቄው ያስኬዳል፤ ጣጣው መልሱ ላይ ነው። «እባክህ መስኮቱን ክፈትልኝ» የተባለ ሰው «እሺ» ይላል። ያንን ይዞ በእንግሊዝኛ «የስ» ካለ ግን፣ ቃል በቃል «አዎ፣ ቅር ይለኛል» ማለቱ ነው።

ስለዚህ እንግሊዝኛውን ከመጻፌ በፊት ሁኔታውን በአማርኛ እነግራቸዋለሁ። ክፍሉ ታፍኗል። መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠውን ሰው አታውቁትም፤ ይበርደው ይሆናል። ከዚያ አንዱን ተማሪ «መስኮቱን ብትከፍተው ቅር ይልሃል?» እለዋለሁ። «ኧረ ምንም አይለኝም» ይላል፤ እየተነሣ። እንግሊዝኛውን አጠገቡ ስጽፍ «ኖት አት ኦል» ከየት እንደመጣ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ መልሱን ቀድሞ በራሱ ቋንቋ ሰጥቶታል።

ብዙ ጊዜ የምቆየው «ውድ» ላይ ነው። አማርኛ አክብሮቱን ግሱ ውስጥ ይከተዋል፤ «ክፈት» እና «ይክፈቱ» ይለያያሉ። የእንግሊዝኛው ግስ አንተንና እርስዎን ስለማይለይ ትሕትናው በአጠያየቁ መምጣት አለበት፤ «ውድ» የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ማን እንደሚከፍት መለየትም አለ። «ውድ ዩ ማይንድ ኦፕኒንግ» ከሆነ የሚከፍተው ተጠያቂው ነው፤ «ውድ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ኦፕንድ» ከሆነ ጠያቂው። «ኦፕንድ» የኀላፊ ጊዜ ነው ብለው ግራ ሲጋቡ «ነገ ከመጣ» የሚለውን አስታውሳቸዋለሁ። እዚያም ግሱ የኀላፊ ቅርጽ ይዟል፤ የሚወራው ግን ስለ ነገ ነው።

አንድ ተማሪ «በእውነት ቅር ካለኝስ?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ደረቅ «የስ» ብሎ ዝም ማለት ያስቀይማልና። ሰው የሚለው «ሶሪ፣ አይም ኤ ቢት ኮልድ» ነው፤ ይቅርታ ጠይቆ ምክንያቱን ይናገራል፣ እምቢታውን ሌላው ይረዳዋል።

መግባቱን የማውቀው ትርጉም በማስጻፍ አይደለም። መሀል ላይ ሳይታሰብ «ውድ ዩ ማይንድ ክሎዚንግ ዘ ዶር?» እላለሁ። «ኖ» ብሎ ተነሥቶ የሚዘጋው ገብቶታል። «የስ» ብሎ የሚነሣው አሁንም «እባክህ»ን እየተረጎመ ነው። «ኖ» ብሎ የሚቀመጠው ደግሞ የእምቢታ መልስ መስሎታል፤ እሱን ወደ «ቅር ይልሃል?» እመልሰዋለሁ።

ማብራሪያው የማይደርስበትም ቦታ አለ። አፈ ፈት ተናጋሪዎች ራሳቸው «ሹር» ብለው ይነሣሉ፤ መስማማታቸው ከድምፃቸውና ከአነሣሣቸው ይታወቃል። የተገፋ ሰው በቁጣ «ዱ ዩ ማይንድ!» ሲል ደግሞ ቅር ይልህ እንደሆነ እየጠየቀ አይደለም፤ «ኧረ ተው!» ነው። ይህንን ለብቻው፣ በሌላ ቀን አስተምረዋለሁ።