የሃምሳዋ ልዩነት

ትናንት ማታ የወሩን የባንክ ሒሳብ መግለጫ ከቤታችን የወጪ መዝገብ ጋር ለማስታረቅ ተቀመጥኩ። ከቤት ርቄ ስላለሁ በእጄ የነበሩት ምስሎች ብቻ ናቸው፤ ከባንኩ መተግበሪያ ላይ ራሴ ያነሣኋቸው ሦስት ስክሪንሹቶችና ባለቤቴ ከቤቱ ኮምፒውተር አንሥታ የላከችልኝ የኤክሴል ሰንጠረዥ ስክሪንሹት። ፋይሉ ራሱ ቢኖረኝ ቀመር ጽፌ ቶሎ እገላገል ነበር፤ ምስል ላይ ግን መደመርም ሆነ በቅደም ተከተል መደርደር ስለማይቻል በወረቀትና በእርሳስ መሥራት ግድ ሆነ።

ሁለቱም ወገኖች ወሩን የጀመሩት በ9,800 ነው። መጨረሻ ላይ ግን ባንኩ 6,340 ሲል የእኛ መዝገብ 6,290 ይላል። መዝገቡ ያነሰ ቀሪ ካሳየ፣ ባንኩ ከሚያውቀው በ50 የበለጠ ወጪ ተጽፎበታል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ትንሽና ድፍን ቁጥር ሲመጣ አንድ ትርፍ መስመር ፈልጎ ከመሰረዝ ሌላ የቀረ ሥራ ያለ አይመስልም። እኔም የፈለግሁት ይህንኑ ነበር፤ አገኘሁትም። በመዝገቡ ላይ በ9ኛው ቀን የተጻፈ የ50 ወጪ አለ፤ ሦስቱን የባንክ ስክሪንሹቶች ባገላብጥ ግን 50 የሚል መስመር የለም። ወረቀቴ ላይ ሰረዝኩት፤ ሁለቱ ቀሪዎችም ልክ እኩል ሆኑ።

ስልኩን አስቀምጬ ልተኛ ስል ከእንቅልፍ ያገደኝ፣ በባንኩ መግለጫ ቀኝ ጠርዝ ላይ የሚታየው፣ እኔም ብዙ ጊዜ የማላየው የቀሪ ሒሳብ ዓምድ ነው። ይህ ዓምድ ከእያንዳንዱ ግብይት በኋላ በሒሳቡ ውስጥ የቀረውን ገንዘብ ስለሚያሳይ፣ መስመሮቹ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው፤ የአንዱ መስመር ቀሪ ላይ የቀጣዩ ወጪ ሲቀነስ የቀጣዩ ቀሪ መምጣት አለበት። ስለዚህ ባንኩ ምንም ሳይናገር በሁለት ስክሪንሹቶች መካከል የጠፋ መስመር መኖሩን ማወቅ ይቻላል። የመጀመሪያው ስክሪንሹት የመጨረሻ መስመር ቀሪ 8,112 ነበር። የሁለተኛው ስክሪንሹት የመጀመሪያ መስመር የ130 ወጪ ሲሆን፣ ቀሪው 7,982 መሆን ሲገባው 7,932 ይላል። ሰንሰለቱ የተበጠሰው ልክ በ50 ነው።

መተግበሪያውን እንደገና ከፍቼ ወደ ቦታው ስመለስ የ9ኛው ቀን የ50 ወጪ ቁጭ ብሏል። ገጹን ወደ ታች ስገፋ አንድ መስመር አብልጬ ገፍቼ ኖሯል፤ መስመሩ ከላይ በማይንቀሳቀሰው የርዕስ አሞሌ ሥር ገብቶ ተደብቋል። ስክሪንሹቶቹን ሳነሣ የአንዱን የመጨረሻ መስመር በቀጣዩ ላይ እንዲደገም ባደርግ ኖሮ ይህ አይፈጠርም ነበር፤ የተደገመውን መስመር ሁለት ጊዜ እንዳልቆጥር ያው ቀሪው ራሱ ያስታውቀኛልና። የሰረዝኩት 50 እውነተኛ ወጪ ነበር ማለት ነው። መልሼ ጻፍኩት፤ የ50 ልዩነቱም አብሮ ተመለሰ፤ አሁን ግን የሚጠረጠር መስመር የለውም።

ድምሩን ትቼ ወደ መስመሮቹ የሄድኩት ከዚህ በኋላ ነው። መጀመሪያ በኤክሴሉ ምስል ግራ ዳር ያሉት የረድፍ ቁጥሮች ሳይዘሉ መቀጠላቸውን አየሁ፤ ፊልተር ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ የተደበቁት ረድፎች በምስሉ ላይ ባይታዩም `SUM` ይደምራቸው ስለነበር የማየው ሌላ፣ የተደመረው ሌላ ይሆንብኝ ነበር። ቁጥሮቹ ከ2 እስከ 34 ያለ ክፍተት ይወርዳሉ፤ 33 መስመሮች። በባንኩ በኩል የተደበቀው ሲጨመር 34 ሆኑ።

ከዚያ በሁለቱም በኩል አንድ በአንድ ምልክት እያደረግሁ አጣመርኳቸው። የማጣምረው በመጠን ነው እንጂ በቀን አይደለም፤ በካርድ የተከፈለ ወጪ በባንኩ መግለጫ ላይ የሚያርፈው ከግዢው አንድ ወይም ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ዘግይቶ ስለሆነ፣ ቀን የሚያስፈልገኝ ተመሳሳይ መጠኖች ሲያጋጥሙኝ ለመለየት ብቻ ነው። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ የተጻፈ 85 ስላየሁ ድግግሞሽ ነው ብዬ ተጠራጥሬ ነበር፤ ባንኩም ግን ሁለት ጊዜ 85 አውጥቷል። ድግግሞሽን ራሱ የሚሰርዘውን የኤክሴል መሣሪያ የማልወደው ለዚህ ነው፤ አንድ መስመር ትርፍ መሆኑ የሚታወቀው ከጎኑ ካለው መስመር ጋር በመመሳሰሉ ሳይሆን በሌላው ወገን ጥንድ በማጣቱ ነው።

31 ጥንዶች ተገኙ። ጥንድ ያጡት በመዝገቡ በኩል 350 እና 427፣ በባንኩ በኩል ደግሞ 472፣ 240 እና 15 ናቸው። የ350 ጉዳይ ቀላል ነበር፤ መዝገቡ ላይ በ12ኛውና በ15ኛው ቀን ሲገኝ በባንኩ ላይ ያለው በ15ኛው ብቻ ነው። ባለቤቴ ዕቃውን በገዛችበት ቀን ከደረሰኙ ላይ መዝግባዋለች፤ እኔ ደግሞ ከሦስት ቀን በኋላ የባንኩ መልእክት ሲደርሰኝ እንደ አዲስ ጽፌዋለሁ። ደውዬ ስጠይቃት «አንተም ጻፍከው እንዴ?» ብላ ሳቀች።

427 እና 472 አንድ ወጪ መሆናቸውን የነገረኝ በመካከላቸው ያለው 45 ነው። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ አሃዞች ቦታ ሲቀያየሩ የሚፈጠረው ልዩነት ሁልጊዜ ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ 45 ደግሞ አምስት ጊዜ 9 ነው። ይህ ብቻውን ማረጋገጫ ስለማይሆን ቀኖቹንም አየሁ፤ የአንድ ቀን ልዩነት ብቻ ነበራቸው፤ ደረሰኙም 472 ይላል። 240 በየወሩ ራሱ የሚቆረጥ የደንበኝነት ክፍያ፣ 15 ደግሞ የባንኩ የአገልግሎት ክፍያ ነው፤ ሁለቱም እጃችን ሳይነካቸው ስለሚወጡ ማንም ሊጽፋቸው አላሰበም።

ስለዚህ መዝገቡ በአንድ በኩል 350 አብዝቷል፣ በሌላው በኩል ደግሞ 45 እና 255፣ በድምሩ 300 አሳንሷል። በድምሩ ላይ የሚታየው 50 የእነዚህ ማካካሻ ብቻ ነበር፤ አራት ስሕተቶች ተሸክሞ ከአንዱም ጋር የሚመሳሰል መጠን የለውም። የእኔው ስክሪንሹት በደበቀው መስመር መጠን ልክ መምጣቱ ግን እንዲያው አጋጣሚ ነው፤ አሁንም ይገርመኛል።

በ6,290 ላይ 350 መልሼ 45ን፣ 240ን እና 15ን ስቀንስ 6,340 መጣ። ማስተካከያዎቹን ጽፌ ለባለቤቴ ላክሁላት፤ 9ኛው ቀን ላይ ያለውን 50 እንዳትነካውም ከሥሩ አሰመርኩበት፤ ቀደም ብዬ «ሰርዢው» ብዬ የላክሁላትን መልእክት አንብባው እንደሆነ አላወቅሁምና።